አስኳሉ ወይስ ቅቤው?

«ኮሌስትሮልህ ጨምሯል» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚተወው እንቁላል ነው። ፍርዱ ግን ችኮላ አለበት።

አንድ ትልቅ እንቁላል 186 ሚሊግራም ያህል ኮሌስትሮል አለው፤ ያለውም አስኳሉ ውስጥ ነው። ይሁንና በደም ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነት ራሱ፣ በተለይም ጉበት ነው። ከምግብ ብዙ ሲገባ ጉበት የራሱን ምርት ይቀንሳል። ስለዚህ በአብዛኛው ሰው ላይ እንቁላል የሚያመጣው ጭማሪ ትንሽ ነው።

የባሰው እንደ ቅቤ የሚረጋው ስብ ነው፤ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም እንዳይለቅም ያዳክመዋል። ሁለት እንቁላል ከዚህ ስብ 3 ግራም ያህል ሲይዝ፣ የተጠበሰበት አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 7 ግራም ይይዛል። ጥፋተኛው መጥበሻው ላይ ቀልጦ ሳለ የሚከሰሰው አስኳሉ ነው።

በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት በቀን እስከ አንድ እንቁላል መብላትን ከልብ ሕመም ጋር አላያያዘም። ከዓመት በፊት የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ግን አያይዞታል። ሁለቱም የሰዎችን አመጋገብ የተከታተሉ እንጂ ምክንያቱን የሚያረጋግጡ አይደሉም።

የስኳር ሕመም ያለበት ወይም በዘር ከፍተኛ ኮሌስትሮል የወረሰ ሰው ሐኪሙን ያማክር። ሌላው ቅቤውን በዘይት ተክቶ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደሙን ይመርመር፤ መልሱ እዚያ አለ።