ኢሜይላችሁ ስልክ ላይ ሲታይ መጀመሪያ የሚነበበው ምንድን ነው?



ባለፈው ክረምት ለመድረሳችን በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች አንድ ኢሜይል ልከን ነበር። ስብሰባው ከቅዳሜ ወደ እሑድ መዛወሩን የሚገልጽ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግን ግማሾቹ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። "ኢሜይሉ አልደረሳችሁም እንዴ?" አልናቸው። ደርሷቸዋል። አንዱ ወንድም ስልኩን አውጥቶ ሲያሳየን ነው ጥፋቱ የኛ መሆኑ የገባን።

ስልኩ ላይ የላኪው ስም አለ። ከሥሩ "ከመድረሳው የትምህርት ክፍል ለሁሉም በጎ ፈቃደኛ…" ይልና ርዕሱ ይቆረጣል። ከዚያ በታች ሰላምታችንና ሐምዳችን አንዱን መስመር ሞልቶታል። "እሑድ" የሚል ቃል የትም አይታይም። ወንድማችን የተለመደ ማስታወቂያ መስሎት አልፎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው የስልክ ኢሜይል አፕ መልእክቱ ሳይከፈት የሚያሳየው የላኪውን ስም፣ የርዕሱን መጀመሪያና ከመልእክቱ አናት የተወሰደ አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሰው "ልክፈተው ወይስ ልለፈው" ብሎ የሚወስነው ከዚህ ተነስቶ ነው። እኛ ደግሞ ያቺን ጠባብ ቦታ በመግቢያ ጨረስናት።

ኢሜይሉን ለከፈቱትም ቢሆን አልቀለላቸውም። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሰባት መስመር የነበረው አንቀጽ ስልክ ላይ ሙሉውን ስክሪን ሸፍኗል። የክፍል ድልድሉን ከዎርድ ገልብጠን በአምስት ዓምድ ሠንጠረዥ ለጥፈነው ነበር፤ አንዳንዱ ስልክ ሠንጠረዡን ለማስገባት ፊደሉን አሳንሶታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጎን ለጎን ካልተጎተተ አያሳይም። ከዎርድ ሲገለበጥ የፊደሉ መጠንና ቀለምም አብሮ ይመጣል። በጥቁር ስክሪን የሚያነብ ሰው ዘንድ ጥቁር ቀለም የተሰጠው ጽሑፍ አንዳንዴ ከጀርባው ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። አሁን ኮምፒውተር ላይ በ Ctrl+V ፋንታ Ctrl+Shift+V እንጫናለን፤ በብዙ ብራውዘር ጽሑፉ ብቻውን ይለጠፋል። ሠንጠረዡን ትተን ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መስመር እንጽፋለን።

ያንኑ ኢሜይል ዛሬ ብንልከው ርዕሱ "ወደ እሑድ ተዛወረ፦ የአስተማሪዎች ስብሰባ" ይሆናል። የተቀየረው ነገር ይቀድማል፤ ርዕስ የሚቆረጠው ከመጨረሻው ነውና። ውስጡም ይህን ያህል ነው፦

አሰላሙ ዐለይኩም።
የቅዳሜው ስብሰባ ወደ እሑድ ተዛውሯል። ሰዓቱ ያው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

ቦታው የመድረሳው 2ኛ ፎቅ ነው። የምታስተምሩበትን መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ።

መምጣት የማትችሉ እስከ ጁሙዓ ማታ በዚሁ ኢሜይል መልሱልን።

ጀዛኩሙሏሁ ኸይረን።

የምንጠይቀው ነገር ለብቻው አንቀጽ እንደተሰጠው አስተውሉ። በፊት "መልሱልን" የሚለው በረጅሙ አንቀጽ መካከል ተቀብሮ ነበር፤ የመለሰልን ሰውም አልነበረም። ደመቅ ያለ ፊደልም አልተጠቀምንም። ካስፈለገ "እሑድ" የሚለውን ብቻ ማድመቅ ይቻላል፤ ሁሉም ነገር ከደመቀ ግን የደመቀ ነገር የለም።

ይህን ስንል አንዳንድ አባቶች ቅር ብሏቸዋል። "መግቢያ የሌለው ደብዳቤ አደብ ያጎድላል" ይሉናል። እናከብራቸዋለን፤ በዚህ ግን አንስማማም። ሰላምታው አልቀረም፣ አጠረ እንጂ። ዱዓው ወደ መጨረሻ ወረደ። ሙሉው መግቢያ ቦታው ኹጥባው ነው፤ እዚያ ሰው ተቀምጦ ያዳምጣል። ታክሲ ውስጥ ቆሞ በአንድ እጁ ስልክ ለያዘ ሰው ጉዳዩን ቶሎ መንገር ራሱ አደብ ነው ባዮች ነን።

ወጣቶች ደግሞ በተቃራኒው ታበዛላችሁ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለየብቻ መስመር ስትሰጡት የትኛው ከየትኛው እንደሚያያዝ ይጠፋል። አንድ ሐሳብ የያዙ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አብረው ቢሄዱ ይሻላል። ማስታወቂያውን በፎቶ ብቻ መላክም ችግር አለው፦ ኔትወርክ ሲደክም ፎቶው አይከፈትም፣ በላዩ ያለውን ስልክ ቁጥር ነክቶ መደወልም አስቸጋሪ ነው።

ማጠር የማይችል ጉዳይም አለ። የዓመቱ የገቢና ወጪ ሪፖርት በሦስት አንቀጽ አያልቅም። እሱን ስንልክ ምን ያህል እንደገባ፣ ምን ያህል እንደወጣና ከአንባቢው የምንፈልገውን ከላይ አስቀምጠን ዝርዝሩን ከታች እናስከትላለን።

አሁን ለብዙ ሰው ከመላካችን በፊት ኢሜይሉን ለራሳችን ልከን በስልክ እናየዋለን። መጀመሪያ ሳንከፍተው፣ ከዚያ ከፍተን ወደ ታች ሳንገፋ። ቀኑና የምንጠይቀው ነገር እስከዚያ ካልታየ ተመልሰን እንጽፈዋለን።