ዘመድ የሌለው ቋንቋ ወይስ ምስክር ያጣ ቋንቋ?

ሰሞኑን ከቻናል ወደ ቻናል የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ጥንት ይናገሩት የነበረው ቋንቋ «በዓለም ላይ አንድም ዘመድ የሌለው» ነበር ይላል። ወዲያው ደግሞ «ስለዚህ ሕዝቡም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ሥር የሌለው ነው» ብሎ ይደመድማል። ከሥሩ አስተያየት የሰጡት ብዙዎቹ የእኛው የጎጃም ልጆች ናቸው፤ «እውነት ነው፣ አያቶቻችንም እንዲህ ይሉ ነበር» እያሉ ያጸድቁለታል።

እኔ ደግሞ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ስሕተት ናቸው እላለሁ። የወይጦ ቋንቋ ዘመድ እንዳልነበረው ማንም አላረጋገጠም፤ ሊያረጋግጥም አይችልም። የአንድ ቋንቋ ዘመድ አለመታወቁ ደግሞ ስለ ተናጋሪዎቹ ሥር አንዳች ነገር አይናገርም።

የቢቸናና የሞጣ ሰው ይህን ልዩነት ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከመሬት አዋጁ በፊት ርስት የሚጠየቀው ትውልድ በመቁጠር ነበር። ጠያቂው «እኔ የእከሌ ልጅ፣ እከሌ የእከሌ» እያለ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይወጣል፤ የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ይመሰክሩለታል። ቆጣሪው ሽማግሌ ሳይናገር ከሞተ ርስቱ ይቀራል። ታዲያ ያ ሰው አባት የለውም ማለት ነው? አባትማ አለው፤ ያጣው ምስክር ነው። በቋንቋም «ዘመድ የለውም» እና «ምስክር የለውም» ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው።

የቋንቋ ትውልድ እንዴት እንደሚቆጠር እንይ። ብዙ ሰው ሁለት ተመሳሳይ ቃል ካገኘ ዝምድና ያገኘ ይመስለዋል። አይደለም። በአውስትራሊያ ምባባራም የሚባል የነባር ሕዝብ ቋንቋ ውሻን «ዶግ» ይለው ነበር፤ እንግሊዝኛም «ዶግ» ይላል። ይህ ንጹሕ አጋጣሚ ነው። ጠረጴዛ የሚለው ቃላችን ከግሪክ፣ መኪና ደግሞ ከጣሊያን መጥቷል፤ ይህም ብድር ነው እንጂ አማርኛን የጣሊያን ወንድም አያደርገውም።

ዝምድናን የሚያሳየው የማይዛነፍ የድምፅ ሥርዓት ነው። «ስምንት»ን ውሰዱ፤ ግእዙ ሰማንቱ፣ ዕብራይስጡ ሽሞኔ፣ ዐረብኛው ሰማኒያ ይላል፤ የዐረብኛው «ሰ» ግን ምላስ በጥርስ መካከል ገብቶ የሚወጣ ነው። አሁን «ሁለት»ን ተመልከቱ፤ ግእዙ ሰኑይ (ሰኞ የምንለው ቀን ከዚሁ ነው)፣ ዕብራይስጡ ሽናይም፣ ዐረብኛው ኢስናን፤ እዚህም የጥርስ «ስ» ነው። በሬ በግእዝ ሶር፣ በዕብራይስጥ ሾር፣ በዐረብኛ ሰውር ይባላል፤ እሱም በጥርስ «ሰ»። በሦስቱም ቃላት በግእዝ «ስ» ባለበት ቦታ ዕብራይስጥ «ሽ»፣ ዐረብኛ ደግሞ የጥርስ «ስ» ያመጣል። በአጋጣሚ አንድ ቃል ሊገጥም ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት በቁጥር፣ በከብት፣ በቤት ዕቃ ስም ሁሉ ሲደጋገም ግን አጋጣሚ መሆኑ ያበቃል። ልብ በሉ፤ ይህን ለማየት ብዙ ቃል ያስፈልጋል። ሥርዓት የሚፈተነው በድግግሞሽ ነውና።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ በአካባቢው አልፏል። ወይጦዎች በአበሻ ምድር ካሉት ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል። ነገር ግን የጻፈልን ይህን ወሬ ብቻ ነው። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ወይጦዎች እንዲመጡለት አድርጎ ጠየቃቸው፤ እንደሚሰቀሉ ሲዛትባቸው እንኳ አልመለሱለትም። እስቲ አስቡት፤ ከመንደሩ በግድ ተወስዶ፣ ገመድ እየታየው «ውኃን ምን ትሉታላችሁ?» የተባለ ሰው ምን ይመልሳል? ከዚያ ጥያቄ አንድም ቃል አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የጠየቀ አልተገኘም። በ1907 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ሲጽፍ ወይጦዎች ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ነበር። በ1928 ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ሲዘፍን ሰማ፤ ዘፋኙ ግን ከጥቂት የጉማሬ አካል ስሞች በቀር የዘፈኑን ትርጉም ራሱ አያውቀውም። ዘፈኑም አልተመዘገበም።

ግሪዮል ግን ጠቀም ያለ የቃላት ዝርዝር ይዞ ተመልሷል። ያንን ዝርዝር የመረመረው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ማርሴል ኮኸን በ1939 ያወጣው ውጤት ለዛሬው ክርክራችን ዋና ማስረጃ ነው። አብዛኞቹ ቃላት የአማርኛ ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህ በርካቶቹ ሌላ ሰው እንዳይገባው ሆን ተብሎ ድምፃቸው ወይም ትርጉማቸው የተጣመመ ነበር። ከእስልምና ጋር የገቡ የዐረብኛ ቃላትና ጥቂት የኩሽ ቃላትም ነበሩ። ይህ ሁሉ ሲነሣ ምንጫቸው ያልታወቀ ስንት ቃላት ቀሩ? ስድስት!

ስድስቱም የዓሣ ቅርፊት፣ ክንፍ፣ ትንኝ፣ ትከሻ፣ የጉማሬ ጭንና የጉማሬ አከርካሪ ስሞች ናቸው። ቅርፊቱ «ሽልክሪት»፣ አከርካሪው «ዋዝምስ» ይባላል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ፍሬድሪክ ጋምስት በ1965 ሲጽፍ ደግሞ ከአደንና ከዓሣ ማስገር ሥራቸው እንኳ የቀረ የጥንት ቃል እንዳላገኘ ገለጸ።

እንግዲህ በስድስት ቃል ፍረዱ። «ዋዝምስ» ውስጥ ያለው «ዝ» በሌላ ቋንቋ ከየትኛው ድምፅ ጋር ይገጥማል? ለማወቅ «ዝ» ያለባቸው ሌሎች ቃላት ያስፈልጋሉ፤ ከየት ይመጣሉ? ቁጥሮቹ፣ «እኔ»፣ «አንተ»፣ «ውኃ»፣ «እሳት» የሚሉት ቃላት የሉም። ግስ እንዴት ይረባ እንደነበር አናውቅም። ከስድስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ራሳቸው በጣም ከመጣመማቸው የተነሣ መነሻቸው የጠፋ የአማርኛ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ነው ምሁራኑም ያልተስማሙት። ኮኸን ወይ አገውኛ ወይ ሌላ የሴም ቋንቋ ሊሆን ይችላል አለ። ጋምስት አማርኛ ካልነበረ አገው መሆን አለበት አለ፤ ይህ ከጎረቤት የተነሣ ግምት እንጂ ከቃላቱ የወጣ ማስረጃ አይደለም። ወደ ምሥራቅ ሱዳናዊ ቋንቋዎች የጠረጠረም አለ። ሁሉም ግምት ነው። የሚያጸድቀውም የሚያፈርሰውም ማስረጃ የለም።

ስለዚህ የወይጦ ቋንቋ ትክክለኛ ስሙ «ያልተመደበ» ነው። «ብቸኛ ቋንቋ» የሚባለው ሌላ ነው። ይህን ስም የሚያገኘው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ተዘጋጅቶለት፣ ከብዙ ቋንቋዎች ጋር ተመሳክሮ፣ የሚገጥም የታጣለት ነው። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር ያለው ባስክ እንዲህ ነው። ባስክም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም፤ ዘመዶቹ ላቲንና ሌሎች ቋንቋዎች ሲስፋፉ እንደጠፉ ይታመናል። በተቃራኒው ሳይቤሪያ ውስጥ የየኒሴይ ወንዝን ተከትሎ የሚነገረውን ኬትን ተመልከቱ። ከቤተሰቡ እስከ ዘመናችን የደረሰው እሱ ብቻ ነው። ነገር ግን ኮት የተባለውን ዘመዱን ከመጥፋቱ በፊት በ1840ዎቹ ፊንላንዳዊው ካስትሬን ከመጨረሻዎቹ ተናጋሪዎች መዘገበው፤ ሌሎቹም ዘመዶቹ ቢያንስ የቃላት ዝርዝር ተርፎላቸዋል። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ኬት ዛሬ «ዘመድ የለሽ» ይባል ነበር። ብቸኛ ያደረገን ተፈጥሮ ነው የምንለው ብዙ ጊዜ የሰው ቸልታ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ሁሉም ቋንቋ ከአንድ ምንጭ ስለሆነ ብቸኛ የሚባል የለም» ይላል። ይሆናል። ግን ድምፅና ቃል በየዘመኑ ይለወጣል፤ ዘመድነትን የምናይበት መንገድ ከስምንትና ከዐሥር ሺህ ዓመት በላይ ወደኋላ ሲሄድ እየደበዘዘ ምልክቱን ከአጋጣሚ መለየት ያቅታል። የሩቁን ማየት ስላልቻልን የለም ማለትም፣ እኛ እንደወደድነው ነው ማለትም አንችልም።

ትምህርት ቤት ያስተማረን አራት ሣጥን ነው፦ ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሞአዊ፣ ናይሎ ሰሃራዊ። ከሣጥኑ የማይገጥም ሲመጣ ወይ በግድ እናስገባዋለን ወይ «ምስጢራዊ» እንለዋለን። በደቡብ ኦሞ አካባቢ ያለው ኦንጎታ ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። (የሚኖሩበት ወንዝ ወይጦ ይባላል፤ ከጣናዎቹ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚገጥመው።) ሳቫና ቶስኮ የተባሉ ጣሊያናውያን በ2000 የቋንቋውን ሰዋስው ሲያወጡ የቀሩት ተናጋሪዎች ስምንት ብቻ ነበሩ፤ ሌላው ሕዝብ ወደ ፀማይ ቋንቋ ተሻግሯል። እነርሱ ቋንቋው ኩሻዊ፣ ለፀማይ የቀረበ ነው ይላሉ። አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሌሚንግ ደግሞ በ2006 ራሱን የቻለ የአፍሮኤሲያ ቅርንጫፍ ነው አለ። ከፀማይ ጋር የሚጋራቸው ቃላት የውርስ ናቸው ወይስ የብድር? ክርክሩ አላለቀም፤ ግን በእጅ ባለ መዝገብ ላይ የሚደረግ ክርክር ነው። በሸካና በማጃንግ ጫካዎች የሚነገረው ሻቦም እንዲሁ ያከራክራል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት ስለተሠራበት ግን የሚከራከሩበት ጽሑፍ አለ። ለጣናው የተረፈው ስድስት ቃል ነው።

ለምን? ጎረቤቱ ጉማሬ በላ ብሎ ስለተጸየፈው ነው። አብሮት አልበላም፤ ቋንቋውንም ቋንቋ ብሎ አልቆጠረውም። ኮኸን ያገኛቸው የተጣመሙ ቃላት ራሳቸው ይህን ይመሰክራሉ፤ ከጎረቤቱ የሚሸሸገው ነገር የሌለው ሰው አማርኛን ለምን ያጣምማል? ታንኳችንን ከደንገል ጎንጉኖ የሰጠንን ሰው ሳንጠይቀው ቀረን፤ ዛሬ ደግሞ መልስ ስላላገኘን «ሥር የለህም» እንለዋለን። ይህ ምስክሩን ሰውሮ በርስተኛው ላይ መፍረድ ነው።

ጽሑፉን ያጋራችሁ ወዳጆቼ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። «ዘመድ የሌለው» የሚለውን አጥፉና «በጊዜው ያልጠየቅነው» ብላችሁ ጻፉ። ስለ ሕዝቡ ሥር የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሰርዙት፤ የሚታረም ነገር የለውም።

ቸር እንሰንብት።