ከመግሪብ በፊት የሚሰማው ማስታወቂያ

ረመዳን ሲገባ ከመግሪብ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት በማስታወቂያ ይሞላል። ዘይቱም፣ ተምሩም፣ ባንኩም ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ዑድና ከበሮ ታጅበው ይመጣሉ፤ ስማቸው ካልተጠራ የማን እንደሆኑ አይለዩም። የችግሩ መነሻ ከስቱዲዮው ይልቅ ወረቀቱ ነው። ስክሪፕቱ «የረመዳን ሙዚቃ ይግባ» ብሎ ካለፈ፣ ባለሙያው በእጁ ያገኘውን ያስገባል።

ጸሐፊው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይህ ምርት ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ሰው ይሆን ነበር? አንድ የምግብ ዘይት የ30 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ሊሠራለት ነው እንበል። ባለቤቶቹ ዘይታቸው ረጋ ያለች፣ የምትታመን እናት እንዲመስል ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለች እናት በጩኸት አትገባም። ስለዚህ ስክሪፕቱ የመጀመሪያዎቹን 5 ሰከንዶች ያለ ሙዚቃ ይተዋቸዋል፤ ሳምቡሳ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ «ቸስ» የሚለው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ልጅ «እማ፣ ስንት ደቂቃ ቀረ?» ብላ ትጠይቃለች። እናት ስትመልስላት ከንግግሩ ሥር ለስላሳ የሰው ዜማ ያለ መሣሪያ ይጀምራል። መሣሪያው የቀረው በሁለት ምክንያት ነው፤ በዚህ ወር ሙዚቃ መስማት የማይወዱ ቤተሰቦች አሉ፣ የሰው ድምፅም ብቻውን ሲሆን ቤት ቤት ይላል። 22ኛው ሰከንድ ላይ ዜማው ይቆማል፤ የዘይቱ ስም በጸጥታ መካከል ይጠራል።

ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ቦታ ላይ አዛን ማስገባት ያምራቸዋል። ይህ ከባድ ስህተት ነው። ሐረር ላይ ፀሐይ ከአዲስ አበባ 13 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትገባለች፤ አሶሳ ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ 17 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። አገር አቀፍ ጣቢያ ላይ የሚተላለፍ አዛን ለአንዱ ከተማ ትክክል ቢሆን እንኳ ለሌላው ያለጊዜው ነው። ኩሽና ሆና ሬዲዮ የምትሰማ እናት ማስታወቂያ መሆኑን ሳትለይ ተምር ልታነሳ ትችላለች። ጾሟን ያሳሳተ ዘይት ደግሞ «የሚታመን» ሊባል አይችልም። የሰዓቱን መድረስ ለመጠቆም ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ የሚሰማው ድምፅ ይበቃል፤ ማንንም አያሳስትም።

ምርጫው መስመሩን ሲስት ማወቅ አያስቸግርም። የምርቱን ስም ቆርጦ ድምፁን ብቻ ለጎረቤት ማሰማትና «ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ «ሠርግ ቤት» ወይም «የዓረብ ሬስቶራንት» ከሆነ፣ ስቱዲዮ ከመግባት በፊት ስክሪፕቱ እንደገና ይጻፋል።