«ዩቲዩብ አገደኝ» ከማለታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ

ወዳጆቼ፣ ይሄ «ዩቲዩብ አገደኝ፣ ጠላቶቼ ሪፖርት አድርገውኝ ነው» የሚባል ጩኸት በቃን! ስክሪንሾቱን ሳየው እኮ ቪዲዮው Public ይላል። ሕዝብ እያየው ያለ ቪዲዮ እንዴት ታገደ ይባላል?

በዩቲዩብ ስቱዲዮ የቪዲዮ ዝርዝር ላይ ሁለት ዓምዶች አሉ። Visibility የሚለው ባለቤቱ የመረጠውን ይናገራል። Restrictions የሚለው ደግሞ ቪዲዮው ላይ የተጣለ ገደብ ካለ ያሳያል። እዚያ ጋ Copyright የሚል ቃል ሲመጣ ነው ሰው ደንግጦ ቪዲዮውን የሚያጠፋው። ቃሉ ግን ምክንያቱን እንጂ የገደቡን ክብደት አይነግራችሁም።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የ18 ደቂቃ የሰርግ ቪዲዮ ለቆ ይሄው ቃል መጣበት። ሊያጠፋው ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ ቃሉ ላይ ማውሱን አሳርፍና ዝርዝሩን ክፈት» አልኩት። ሲከፍተው የዘፈኑ ስም፣ ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው እንደሚሰማ እና ውጤቱ ተጽፏል። ውጤቱ ምን ነበር? የማስታወቂያ ገቢ ማግኘት አይችልም፣ ቪዲዮው ግን በየትኛውም አገር ይታያል። አለቀ! Mute song የሚለውን መርጦ ያቺን 40 ሰከንድ ድምፅ አልባ አደረጋት። ለውጡ ተሠርቶ ሲያልቅ የይገባኛል ጥያቄው ተነሳ። ተመልካቹም አስተያየቱም አልጠፋም።

በዚያው ቃል ሥር ከበድ ያለም ሊኖር ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ብቻ ተዘግቶ ከሆነ አዲስ አበባ ያለው ያየዋል፣ ጀርመን ያለው አያየውም። ስለዚህ «እኔ ጋ ይሠራል» ማስረጃ አይሆንም። ከሁሉ የሚከፋው ባለመብቱ በሕጋዊ ጥያቄ ቪዲዮውን ሲያስወርደው ነው። ያኔ ቻናሉ ላይ ስትራይክ ይመዘገባል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ቪዲዮውን ማጥፋትም ስትራይኩን አያነሳውም።

ቢጫ የዶላር ምልክትስ? እሱ ማስታወቂያ ሊቀንስ ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል ማለት ነው እንጂ ቪዲዮው ተደበቀ ማለት አይደለም።

«ያለ አግባብ የሚጠይቁም አሉ» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አሉ። Dispute የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ግን «ካሴቱን ገዝቼዋለሁ» ወይም «የዘፋኙን ስም ጽፌያለሁ» መብት አይሰጥም። ያለ በቂ ምክንያት መከራከር ቀላሉን ጥያቄ ወደ ስትራይክ ሊያሳድገው ይችላል።

ስለዚህ ነገ «ታገድኩ» ብላችሁ ስትለጥፉ ከዝርዝሩ ገጽ ውጤቱ የተጻፈበትን ስክሪንሾት አያይዙ። እሱን ሳላይ እኔ በበኩሌ ሼር አላደርግም።