ሆስቲንጉን ያቁሙ፣ ስሙን ግን አይልቀቁ

ከመሸንቲ አንድ አባት ጥያቄ ልከውልናል። ኑሯቸው ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚያች ከተማ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ ጣናን ለማየት ለሚመጡ እንግዶች የሚያከራዩዋቸው ጥቂት ክፍሎች አሏቸው። ከዓመታት በፊት አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ለክፍሎቹ ዌብሳይት አሠርታላቸው፣ ክፍያውንም በራሷ ካርድ ስትከፍል ቆይታለች። የውጭ እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ዌብሳይቱን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ባለፈው ዓመት ግን ማንም ሳይጠይቃት ከካርዷ 152 ዶላር ተቆረጠ። "ልጄ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን አፈርኩ። ዘንድሮ ሳይቆረጥባት ማስቆም እፈልጋለሁ። ካስቆምኩት ምን ይጠፋብኛል?" ይላሉ።

ደረሰኙን አብረው ስለላኩልን መልሱን ከእርሱ እንጀምር። 152 ዶላሩ የአንድ ነገር ዋጋ አይደለም፤ የሁለት ነው። 20 ዶላሩ የዶሜይን ነው። ዶሜይን ማለት ሰው ኢንተርኔት ላይ ጽፎ የሚያገኛቸው ስም፣ በ.com የሚያልቀው ማለት ነው። ቀሪው 132 ዶላር የሆስቲንግ ነው፤ የክፍሎቹ ፎቶና ጽሑፍ የተቀመጡበት ኮምፒውተር ኪራይ። ታፔላና የሱቅ ኪራይ እንደማለት ነው። ሁለቱ ከአንድ ድርጅት ስለተገዙና በአንድ ደረሰኝ ስለመጡ አንድ ይመስላሉ እንጂ፣ አንዱን አቁሞ ሌላውን ማቆየት ይቻላል።

ሆስቲንጉ መጀመሪያ ሲገዛ ዋጋው ለዓመት 36 ዶላር ነበር። ይህ ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጥ የማባበያ ዋጋ ነው፤ ሲታደስ ወደ ሙሉው ዋጋ ይወጣል። ሲገዙ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ስለሚያልፍ ብዙ ሰው አያየውም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ በገበያ ዋጋ ከተተወና የዶላር ምንዛሪ ከእጥፍ በላይ ከሆነ በኋላ፣ አባት ለልጃቸው ልመልስልሽ ቢሏት እንኳ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አሁን ወደ ቀኑ። ደረሰኙ ላይ የሚቀጥለው እድሳት 11/12/2025 ይላል። እኚህ አባት ቀንን አስቀድመው አንብበው ታኅሣሥ 2 ቀን ነው ብለዋል። አሜሪካኖች ግን ወርን ነው የሚያስቀድሙት፤ ስለዚህ ቀኑ እንደ ፈረንጆቹ ኖቬምበር 12፣ በእኛ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። አንድ ወር ገደማ ተሳስተዋል። ከዚህም በላይ ብዙ የሆስቲንግ ድርጅቶች ገንዘቡን የሚቆርጡት ውሉ ባለቀበት ቀን ሳይሆን ቀደም ብለው ነው። የእርሳቸው ውል 15 ቀን ቀድሞ እንደሚቆረጥ ይናገራል። ይህ ማለት ጥቅምት 18 ቀን ነው። መስከረም ላይ መጠየቃቸው በጀ።

ማቋረጡ ራሱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ልጃቸው በአካውንቱ ገብታ ልትሠራው ይገባል። ሆስቲንጉ በተዘረዘረበት ገጽ Auto-renew የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ እርሱን ማጥፋት ነው። የዶሜይኑ ማብሪያ ማጥፊያ ሌላ ገጽ ላይ ስለሆነ አንዱን ማጥፋት ሌላውን አያጠፋም። ካጠፉ በኋላ አገልግሎቱ እስከተከፈለበት ቀን ድረስ ይሠራል። እዚያው አካባቢ ግን Delete ወይም Cancel now የሚል ቁልፍ ሊኖር ይችላል። እርሱ እድሳትን ማቆም ሳይሆን ወዲያውኑ መደምሰስ ነው፤ እጅዎን ያርቁ። ማጥፋቱን የሚያረጋግጥ ኢሜይል ካልደረሰ እንዳልጠፋ ይቁጠሩት። ደርሶም ቢሆን ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ማየት አይከፋም።

አንዳንድ ሰው "ካርዴን ከአካውንቱ ላይ ብሰርዝ ወይም ባንኩ ካርዱን ቢቀይርልኝ ያበቃል" ይላል። አያበቃም። ትልልቆቹ የካርድ ድርጅቶች የአዲሱን ካርድ ቁጥር ለነጋዴው በራሳቸው የሚያስተላልፉበት አሠራር አላቸው፤ በተጠባባቂነት የተመዘገበ ሌላ ካርድ ካለም ከእርሱ ይቆረጣል። በተቃራኒው ደግሞ ካርዱ ባይሠራና ክፍያው ቢከሽፍ፣ ማቆየት የሚፈልጉት ዶሜይንም አብሮ ይወድቃል።

ሆስቲንጉ ሲቆም የሚጠፋው ምንድን ነው? ፎቶዎቹና ጽሑፎቹ መጀመሪያ ይጠፋሉ። ድርጅቱ ለጥቂት ጊዜ ቢያቆይም በኋላ ይደመስሳል፤ ስለዚህ ከጥቅምት 18 በፊት ልጅየው ሁሉንም አውርዳ ኮምፒውተሯ ላይ ታስቀምጥ። ሰው የሚዘነጋው ኢሜይሉን ነው። እንግዶች ሲጽፉበት የኖሩት አድራሻ በዶሜይኑ ስም የሚያልቅ ከሆነ፣ የመልእክት ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ያው ሆስቲንግ ላይ ነው። ሆስቲንጉ ሲቆም ሳጥኑም አሮጌ ደብዳቤዎቹን ይዞ ይሄዳል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዶሜይን የሚሸጡ ብዙ ድርጅቶች ወደ ስሙ የመጣውን ኢሜይል ወደ ጂሜይል የሚያሻግር አገልግሎት አላቸው፤ አንዳንዱ በነፃ፣ አንዳንዱ በትንሽ ክፍያ። ዌብሳይቱን ሊያይ የመጣውንም ሰው ወደ ክፍሎቹ የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ገጽ መምራት ይቻላል። ስሙ በ20 ዶላር ይቆያል፣ 132ቱ ይቀራል።

"ለምን 20 ዶላሩንም አልተወውም?" ላሉት ደግሞ ቀኖቹን በእርሳቸው ስም ላይ እንቁጠር። በ.com ለሚያልቅ ስም፣ ኅዳር 3 ሳይከፈል ካለፈ ስሙ ወዲያው አይጠፋም። የሸጠው ድርጅት ቢበዛ እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ ብዙዎቹ 30 ቀን ገደማ ነው የሚጠብቁት። በዚህ ጊዜ ዌብሳይቱ ይዘጋል፣ ኢሜይሉም መድረሱን ያቆማል፤ ግን በመደበኛው ዋጋ ወይም ትንሽ ጨምረው ሊያድሱት ይችላሉ። 30 ቀን ቢሰጣቸው ታኅሣሥ 3 ይደርሳል። ከዚያ 30 ቀን የመቤዣ ጊዜ የሚባለው ይጀምራል። ስሙን ማስመለስ የሚችለው አሁንም የቀድሞው ባለቤት ብቻ ነው፤ ቅጣቱ ግን ከመደበኛው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ጥር 3 ይህም ያልቃል። ቀጥሎ ባሉት አምስት ቀናት ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። ጥር 8 አካባቢ ስሙ ተለቅቆ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። አንዳንድ ሻጮች ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ ስሙን ለጨረታ ያቀርቡታል። ስለዚህ በመቤዣው ጊዜ ተማምኖ መቀመጥ ደግ አይደለም።

የሚወስደው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ነው። የሚለቀቁ ስሞችን ሌት ተቀን የሚጠብቁ ነጋዴዎች አሉ፤ ለዓመታት የኖረ ስም ሌሎች ዌብሳይቶች ስለሚጠቁሙት ለማስታወቂያና ለቁማር ገጾች ይፈለጋል። በካርድና በታፔላ ላይ የታተመውን አድራሻ ከፍቶ ቁማር ያገኘ እንግዳ ስለክፍሎቹ የሚያስበውን መገመት ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ኢሜይሉ ነው። አዲሱ ባለቤት በዚያው ስም፣ በዚያው አድራሻ የመልእክት ሳጥን ቢከፍት የሚከለክለው የለም። አሮጌ እንግዳ የሚጽፈው ደብዳቤ ለእርሱ ይደርሳል። የፌስቡክ ገጹ ወይም የክፍል ማስያዣው አካውንት በዚያ ኢሜይል ከተከፈተ፣ "የይለፍ ቃሌን ረሳሁ" ብሎ ቢጠይቅ ማስተካከያው የሚላከው ለእርሱ ነው። ስለዚህ ስሙን ለመልቀቅ የወሰነ ቤተሰብ እንኳ አስቀድሞ በዚያ ኢሜይል የተከፈቱትን አካውንቶች ሁሉ አስታውሶ ወደ ሌላ አድራሻ ማዛወር አለበት። ይህ ሳይሠራ ስም አይለቀቅም።

ስም ማደስ መርሳት የድሃ ወይም የሽማግሌ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የገና ዋዜማ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች መግባት አቃታቸው። ማይክሮሶፍት passport.com የሚባለውን ስም ሳያድስ ቀርቶ ነበር። ችግሩን ያወቀው ማይክል ቼኒ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ 35 ዶላሩን ከራሱ ካርድ ከፈለላቸው።

ማስታወቂያ አይደርስም ወይ የሚል ይኖራል። ለ.com እና መሰሎቹ ሻጩ ጊዜው ከማለቁ አንድ ወርና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ካለቀ በኋላም በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ግዴታ አለበት። ማሳወቂያው ግን የሚሄደው በተመዘገበው ኢሜይል ነው። ኢሜይሉ የዚያው ዶሜይን ከሆነ፣ ስሙ ሲዘጋ የመጨረሻው ማሳወቂያም አይደርስም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደግሞ፣ የደረሰውን ኢሜይል ከፍቶ የሚያየው አልነበረም፤ የካርዱ ቆረጣ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይካሄዳል። የማሳወቂያው አድራሻ ውጭ ያለችው ልጅ ጂሜይል ቢሆን የሚሻለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዌብሳይት የሠራው ወጣት ዶሜይኑን በራሱ አካውንት ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ልጅየው ብትከፍልም ማብሪያ ማጥፊያው እርሷ ዘንድ የለም። lookup.icann.org ላይ ስሙን ጽፎ መፈለግ ስሙን የሸጠው ድርጅት ማን እንደሆነ ያሳያል፤ ደረሰኙ ላይ ካለው ድርጅት ጋር አንድ ካልሆነ ወጣቱን ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። አካውንቱን እንዲያስረክብ መጠየቅ ያለበት ደግሞ አሁን፣ ወዳጅነቱ ሳይቀዘቅዝ ነው። እዚያው ገጽ ላይ Registry Expiration የሚል ቀን አለ፤ ዓመቱን ስለሚያስቀድም በወርና በቀን አያሳስትም። አንድ ወጥመድ ግን አለው። የ.com ስም ጊዜው ባለፈ ማግስት ይህ ቀን በራሱ አንድ ዓመት ወደፊት ይዘላል፤ ማንም ባይከፍልም። "2026 ይላልና ታድሷል" ብሎ መተኛት አይቻልም። መታደሱን የሚያውቁት በአካውንቱ ውስጥ ባለው ቀንና በደረሰኙ ነው።

ይህ የቀን አቆጣጠር በ.et ለሚያልቁ ስሞች አይሠራም። እነርሱን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ የእድሳቱን ቀንና ሕግ እዚያው መጠየቅ ነው። ለመሸንቲው አባት ግን፣ ልጅዎ እስከ ጥቅምት 10 ድረስ የሆስቲንጉን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍታ፣ የዶሜይኑን ሳትነካ፣ የማረጋገጫውን ኢሜይል ትላክልዎ።