ከማኅበሩ ትርፍ የእኔ ድርሻ ስንት ነው?

በብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሒሳብ ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ከዚያ በኋላ ኦዲት ተደርጎ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ፣ አባላትን የሚያከራክረው ጥያቄ አንድ ነው፦ እኩል አባላት ሆነን ሳለ ትርፉ ለምን እኩል አይደርሰንም?

ጥያቄው የሚነሳው ብዙዎቻችን ከዕቁብ ልማድ ስለምንመጣ ነው። ሶማሌዎች ሀግባድ በሚሉት ዕቁብም ሁሉም እኩል ይጥላል፣ እኩል ያነሣል። በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን እኩል የሆነው ድምፅ ነው። ትርፉ የሚከፋፈለው ሥራው በተሠራበት ልክ ነው።

ከጅግጅጋ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሸደር፣ ወተት ሰብስበው ወደ ጅግጅጋ የሚልኩ 40 ሴቶች ማኅበር አላቸው ብለን በምሳሌ እናስብ። በዓመቱ 98 ሺህ ሊትር ወተት አስረከቡ። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የተጣራ ትርፉ 100 ሺህ ብር ሆነ።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ስለተተካና እያንዳንዱ ማኅበርም የራሱ መተዳደሪያ ደንብ ስላለው፣ የእናንተን ማኅበር ልክ ከደንቡ አንብቡ። በምሳሌያችን 30 ሺህ ብር ለመጠባበቂያ ተቀምጦ 70 ሺህ ብር ይቀራል። ደንቡ ከዚህ 30 በመቶውን ለዕጣ፣ 70 በመቶውን ለተሳትፎ ይሰጣል እንበል። ለዕጣ 21 ሺህ፣ ለተሳትፎ 49 ሺህ ብር ይሆናል።

የአባላቱ ዕጣ በጠቅላላ 200 ቢሆን ለአንድ ዕጣ 105 ብር ይደርሳል። ለአንድ ሊትር ወተት ደግሞ 50 ሳንቲም። ሆዳን 10 ዕጣ አላት፣ ያስረከበችው ግን 1,200 ሊትር ነው፤ 1,650 ብር ታገኛለች። ሳህራ ዕጣዋ 3 ብቻ ነው፣ ነገር ግን 4,000 ሊትር አስረክባለች፤ የሚደርሳት 2,315 ብር ነው።

ሆዳን ቅር ሊላት ይችላል። ይሁን እንጂ ትርፉ ከየት እንደመጣ እናስተውል። ማኅበሩ ወተቱን ሲረከብ ኪሳራ እንዳይደርስበት ዋጋውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይከፍላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ የተረፈው ያን ጊዜ ያልተከፈለው ዋጋ ነው። ስለዚህ ለባለ ወተቷ በሊትር ልክ ይመለሳል። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የተቋቋመው የሸማቾች ማኅበርም ትርፉን ለአባላቱ ይመልስ የነበረው በገዙት ዕቃ መጠን ነው። ከዚህ የተነሣ ትንሽ ትርፍ ሁልጊዜ የድክመት ምልክት አይደለም፤ በዓመቱ ውስጥ ለወተቱ ደህና ዋጋ የከፈለ ማኅበር ሰኔ ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው። መዝገቡ 100 ሺህ ብር ትርፍ እያሳየ ባንክ ያለው 40 ሺህ ብቻ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ጠፍቷል ለማለት ግን አትቸኩሉ። በዱቤ የተሸጠ ወተት ገንዘቡ ባይገባም በሽያጭ ተመዝግቦ ትርፉን ከፍ ያደርጋል። እንዲህ እያለ 70 ሺህ ብር ይከፋፈል ከተባለ፣ ጎዶሎው የሚሞላው ለነገ ወተት መግዣ ከተያዘው ገንዘብ ወይም ከብድር ነው።

ስለዚህ በጉባኤው ላይ የተበዳሪዎች ዝርዝር ከነቀኑ እንዲነበብ ጠይቁ። ያለፈው ወር ዱቤና ዓመት ያለፈው ዱቤ አንድ አይደሉም። ከሻይ ቤቶቹ ዕዳ 25 ሺህ ብር የማይመለስ ከሆነ ትርፉ 75 ሺህ ነው። የሳህራ ድርሻም ከ2,315 ወደ 1,736 ብር ከ25 ሳንቲም ይወርዳል። ይህን ከክፍፍሉ በፊት መስማት ይሻላል፤ አንዴ የተከፋፈለን ገንዘብ ከየቤቱ መልሶ መሰብሰብ ከባድ ነው።

የተሳትፎ ድርሻ የሚቆመው በርክክብ መዝገብ ላይ ነው። ወተት ስታስረክቡ ቀኑንና ሊትሩን በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፣ ተረካቢውም ይፈርምበት። በየወሩ መጨረሻ ከማኅበሩ መዝገብ ጋር አስተያዩት። የአንድ ወር ልዩነት በዚያው ሰሞን ቢነሳ ተረካቢውም እናንተም ታስታውሱታላችሁ፤ ሰኔ ላይ ሲነሳ ግን ማስረጃ የሌለው ክርክር ይሆናል።