ከሱቁ መሳቢያ ወደ ስልኩ፦ የወኪል ባንክ አሠራርና ስህተት የሚለይበት መንገድ

በጎንደር ከተማ ቅዳሜ ገበያና አካባቢው፣ እንዲሁም ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች፣ ዘይትና ሳሙና በሚሸጥበት ሱቅ ገንዘብ ማስገባትና ማውጣት የተለመደ ሆኗል። የባንክ ቅርንጫፍ ለራቀበት የደጋ አርሶ አደር ይህ አሠራር የአንድ ቀን መንገድ ያስቀርለታል። ሆኖም ገንዘቡ ከእጅ ወጥቶ ወደ ስልክ በሚገባባት አጭር ጊዜ ውስጥ የምትፈጠር ትንሽ ስህተት የአንድ ምርት ዘመንን ገቢ ልታሳጣ ትችላለች።

የወኪል ባንክ አገልግሎት በኢትዮጵያ ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው የሞባይልና የወኪል ባንክ መመሪያ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የአሁኑ ጸደይ ባንክ፣ ኤም ብር በተባለው ሥርዓት ቀድመው ወደ ዘርፉ ከገቡት መካከል ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርን ይዞ ተከተለ። በኋላ በወጡ መመሪያዎች ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶችም በሩ ተከፍቶ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ አስጀመረ። ስማቸው ይለያይ እንጂ በባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ የሚከናወነው ነገር በመሠረቱ አንድ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት በቅድሚያ ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ገንዘብ እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በመሳቢያው ያለው ጥሬ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው በወኪልነት ሂሳቡ አስቀድሞ ያስቀመጠው የኤሌክትሮኒክስ ገንዘብ ነው። ደንበኛ ገንዘብ ሲያስገባ ባለሱቁ ጥሬውን ተቀብሎ ከራሱ የኤሌክትሮኒክስ ሂሳብ ተመጣጣኙን ወደ ደንበኛው ይልካል። ደንበኛ ሲያወጣ ደግሞ ሂደቱ ይገለበጣል።

ለማሳያ ያህል፣ አንድ ወኪል ማለዳ ላይ 30 ሺህ ብር ጥሬ ገንዘብና 20 ሺህ ብር የኤሌክትሮኒክስ ገንዘብ ይዞ ሱቁን ከፈተ እንበል። ገብስና በግ ሸጦ የመጣ አንድ አርሶ አደር 12 ሺህ ብር ሲያስገባ የወኪሉ ጥሬ ገንዘብ 42 ሺህ ይሆናል፤ የኤሌክትሮኒክስ ገንዘቡ ወደ 8 ሺህ ይወርዳል። ድምሩ ግን ያው 50 ሺህ ነው። ከዚያ በኋላ 10 ሺህ ብር ለማስገባት የሚመጣ ሰው፣ መሳቢያው በብር ተሞልቶ እያለ እንኳ አይስተናገድም። ብዙ ሰው በሚያወጣበት ቀን ደግሞ መሳቢያው ባዶ ይሆንና የኤሌክትሮኒክስ ገንዘቡ ይከማቻል።

በገበያ ቀን «አይቻልም» የሚለው መልስ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ከፍ ያለ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከቤቱ ሳይነሳ ለወኪሉ ደውሎ መጠየቁ ይበጀዋል። ወኪሉ «ብሩን ተውልኝ፤ ማታ አስገባልሃለሁ» ካለ ግን መተው አይገባም። ግብይቱ በሥርዓቱ እስካልተመዘገበ ድረስ ያ ገንዘብ ለባለሱቁ በአደራ የተሰጠ እንጂ የባንክ ተቀማጭ አይደለም።

ገንዘብ ሲገባ ስህተት የሚበዛው በስልክ ቁጥሩ ላይ ነው። ቁጥሩን በወኪሉ ስልክ የሚያስገባው ወኪሉ በመሆኑ፣ በመጨረሻ ያሉት ሁለት አኃዞች ቢገላበጡ ብሩ ወደማይታወቅ ሰው ይሄዳል። መከላከያው ቀላል ነው። ደንበኛው ቁጥሩን በቃሉ ከመናገር ይልቅ ጽፎ ይሰጣል፤ ወኪሉ ከመላኩ በፊት ቁጥሩንና መጠኑን ጮክ ብሎ መልሶ ያነባል፤ ስልኩ የተቀባዩን ስም የሚያሳይ ከሆነም ስሙን ያነባል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የገዛ ስሙ ሲጠራ ይሰማል።

ገንዘብ ሲወጣ ትእዛዙን የሚሰጠው ደንበኛው ራሱ ነው። በሲቢኢ ብር *847#፣ በቴሌብር *127# ደውሎ ገንዘብ ማውጣት የሚለውን ይመርጣል፤ የወኪሉን መለያ ቁጥርና መጠኑን ያስገባል፤ በመጨረሻም የሚስጥር ቁጥሩን ይጽፋል። እነዚህ አገልግሎቶች ኢንተርኔት ስለማይፈልጉ የድምፅ ኔትወርክ እስካለ ድረስ በተራ ስልክም ይሠራሉ። ችግሩ የሚጀምረው ደንበኛው ስልኩን ለባለሱቁ ሰጥቶ የሚስጥር ቁጥሩን ሲነግረው ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው፣ ያ ስልክ እጁ በገባ በሌላ ቀንም ገንዘብ ማውጣት ይችላል። እርዳታ የሚሻ አዛውንት እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ የሚያምኑት ቤተሰብ ቢያግዛቸው፣ የሚስጥር ቁጥሩን ግን ራሳቸው ቢነኩ ይመረጣል።

አስቸጋሪው ጊዜ ብሩ ተሰጥቶ አጭር የጽሑፍ መልእክቱ ሳይመጣ የሚቀርበት ነው። በደጋው አካባቢ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይህ ያጋጥማል። በዚህ ጊዜ ወዲያውኑ ደግሞ መላክ ትልቅ ስህተት ነው፤ ሁለቱም ሊያልፉ ይችላሉና። ትክክለኛው እርምጃ ሁለቱም ወገኖች ቀሪ ሂሳባቸውን ማየት ነው። ቀደም ሲል በተጠቀሰው ምሳሌ የወኪሉ ሂሳብ አሁንም 20 ሺህ ከሆነ ግብይቱ አልተፈጸመም፤ እንደገና መላክ ወይም ብሩን መመለስ ይቻላል። ወደ 8 ሺህ ወርዶ የአርሶ አደሩ ሂሳብ በ12 ሺህ ካደገ የዘገየው መልእክቱ ብቻ ነው። የወኪሉ ወርዶ የአርሶ አደሩ ካላደገ ግን ገንዘቡ ወደ ሌላ ቁጥር የመሄዱ ነገር ያሰጋል፤ በወኪሉ ስልክ የተመዘገበውን የተቀባይ ቁጥር ወዲያው ማየት ይገባል።

ለባለሱቁም ሕጉ ያው ነው። ጥሬ ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ማመን ያለበት የራሱን ሂሳብ እንጂ ደንበኛው የሚያሳየውን መልእክት አይደለም። እውነተኛ የሚመስል የሐሰት መልእክት ጽፎ መላክ ለአጭበርባሪ ከባድ ሥራ አይደለም።

ገንዘቡ ወደ ሌላ ቁጥር ከሄደ ወኪሉ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። ጊዜ ሳይባክን ወደ አገልግሎት ሰጪው መደወል ያስፈልጋል፤ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951። የሚጠየቀው የግብይቱ መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ መጠኑና የተሳሳተው ስልክ ቁጥር ነው። ተቀባዩ ብሩን ካላወጣው የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ካወጣው ጉዳዩ ይረዝማል። በስህተት የመጣ ገንዘብ ግን ለተቀባዩ ንብረት አይሆንም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በንግድ ባንክ የሥርዓት ብልሽት ባጋጠመ ጊዜ፣ የእነርሱ ያልሆነ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች እንዲመልሱ መጠየቃቸው ይታወሳል።

የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ወኪሉ በውክልናው ወሰን ለሚፈጽመው ተግባር ባንኩን ከኃላፊነት ነጻ አያደርገውም። ስለዚህ ቅሬታው ከባለሱቁ ጋር በሚደረግ ንትርክ ማለቅ የለበትም፤ በቅድሚያ ለአገልግሎት ሰጪው፣ መፍትሔ ካልተገኘ ለብሔራዊ ባንክ ሊቀርብ ይችላል። ያ መብት የሚጸናው ግን በማስረጃ ነው። ማስረጃው ደግሞ በደንበኛው ስልክ ያለው የግብይት መልእክት በመሆኑ፣ መልእክቱን ሳያዩ ከሱቁ አለመውጣት፣ ካዩትም በኋላ አለማጥፋት ያስፈልጋል።